ካሜራውን ተዉት፣ ዱላውን አቁሙት

«የምት ክብደት የሚመጣው ከካሜራ ነው። ምቱ ቀለለ ካላችሁ ካሜራውን ጨምራችሁ አንቀጥቅጡት። ምቱ ሲያርፍ ለቅጽበት የሚያቆመው ሂት ስቶፕ ደግሞ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ `Time.timeScale = 0` በሉና ለእያንዳንዱ ምት አሥር ፍሬም ስጡት። አቅለሸለሸኝ የሚል ተጫዋች ካለ ይለምደዋል። ካልለመደ ማጥፊያ አድርጉለት።»

ሰሞኑን ጌም የምንሠራ ሰዎች እየተቀባበልን ያነበብነው ጽሑፍ ሲጨመቅ ይኸው ነው። ለኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዱማ «ያንተን ጌም መሰለኝ» የሚል ጨምሮበታል። አልተሳሳተም። ከስምንት ወር በፊት የኔ ጌም ልክ እንደዚህ ነበር።

ጸሐፊው ያየው ችግር እውነተኛ ነው። ብዙ የጀማሪ ጌም ላይ ዱላው ጠላትን እንደ ጢስ ሰንጥቆት ያልፋል። ድምፅ አለ፣ የደም ነጥብ አለ፣ ቁጥር ይቀንሳል፤ ግን ምንም ነገር የተመታ አይመስልም። ይህን ማንሳቱ ጥሩ ነው። የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው።

የኔ ጌም እረኛ በዱላ ጅብ የሚያባርርበት የስልክ ጌም ነው። በዩኒቲ ነው የሠራሁት። ካሜራው ከእረኛው ጀርባ ትንሽ ከፍ ብሎ ይከተለዋል። ምሳሌዬን ሁሉ ከዚሁ ነው የማመጣው፤ ስህተቱንም አብሬ ስለማውቀው።

መጀመሪያ ካሜራው።

ካሜራ ሲንቀጠቀጥ የተመታው ማን ነው? ጅቡ አይደለም። የሚንቀጠቀጠው የተመልካቹ ዓይን ነው። ዓለሙ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነቃነቅ በእረኛውና በጅቡ መካከል የተለወጠ ነገር የለም። ዱላው አሁንም ጅቡን ሰንጥቆ እያለፈ ነው፤ እኛ ግን እያየነው ያለነው በሚወዛወዝ መስኮት በኩል ነው።

ክብደቱ የጎደለው ሌላ ቦታ ነው። እውነተኛ ዱላ አካል ሲነካ ፍጥነቱ ይሰበራል። አኒሜሽን ግን ይህን አያውቅም። የተሠራለትን እስኪጨርስ ይወርዳል፤ አየር ቢመታም ጅብ ቢመታም እኩል ነው። በዚያ ላይ ፈጣን ምት ላይ ዱላው ጅቡ ጋ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ፍሬም ብቻ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም አንዱ ፍሬም ከ17 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ዓይን የንክኪውን ቅጽበት ሳይዘው ያልፈዋል። ሂት ስቶፕ ያንን ቅጽበት ያዝ አድርጎ ያሳየዋል። ዱላው የጅቡ ጎን ላይ እንዳረፈ ሁለቱም ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ይላሉ። አእምሮ ያንን መቆም «እንቅፋት ገጠመው» ብሎ ነው የሚያነበው።

የድሮዎቹን የድብድብ ጌሞች አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ላይ ተራ ቡጢ ካሜራ አያንቀጠቅጥም። ሁለቱ ተፋላሚዎች ግን ለጥቂት ፍሬም ይቆማሉ፤ ክብደቱም ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሱፐር ስማሽ ብሮስ ሚሌ ደግሞ ነገሩን በቀመር አስሮታል። የምቱን ጉዳት ለ3 ያካፍላል፣ 3 ይደምራል፣ የሚገኘውን ያህል ፍሬም ያቆማል። 3 ጉዳት ያለው ቀላል ምት 4 ፍሬም ይቆማል፤ 21 ጉዳት ያለው ከባድ ምት 10። ልዩነቱ ለጣት ይታወቃል። ለሁሉም ምት አሥር ፍሬም የሚለው ምክር እዚህ ጋ ነው የሚፈርሰው፤ ሁሉም ምት እኩል ከቆመ ከባድ የሚባል ምት አይኖርም።

እዚያው ጌም ላይ ሌላም ነገር አለ። የተመታው ሰው ቆሞ ባለበት እዚያው ይርገበገባል። ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። የኔን ጅብ ሰባት ፍሬም ቀጥ አድርጌ ሳቆመው ነው የገባኝ። ያየው ሰው ሁሉ «ስልኩ ሃንግ አደረገ እንዴ?» አለኝ። ጅቡን በቆመበት ግራና ቀኝ በጌሙ ዓለም አምስት ሴንቲሜትር ሳርገበግበው፣ ቀስ በቀስ እየጠፋ እንዲሄድ ሳደርገው፣ ያው ሰባት ፍሬም ሆኖ ጥያቄው ቀረ። መርገብገቡ «ቆሟል፤ ግን የቆመው ስለተመታ ነው» ይላል። የሚርገበገበው የሚታየው ሞዴል ብቻ መሆን አለበት። ግጭት የሚለካለትን የማይታይ አካል፣ ኮሊደሩን፣ አብራችሁ ካነቃነቃችሁት ጅቡ አጥር ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። ደርሶብኛል።

ታዲያ ካሜራ ፈጽሞ አይነካ ማለቴ ነው? አይደለም። መሬት ሲናወጥ፣ ግድግዳ ሲፈርስ፣ በጣም ግዙፍ ነገር ሲወድቅ ካሜራው ቢንቀጠቀጥ ልክ ነው፤ ተመልካቹ የቆመበት መሬትም አብሮ ተናውጧላ። ለከባድ ምትም ጥቂት ይገባል። ግን ቁሌቱ ሳይበስል ጨው ቢጨመርበት ወጥ አይሆንም። እኔ አሁን የካሜራውን መንቀጥቀጥ ዜሮ አድርጌ ነው የምጀምረው። ምቱ በዚያ ሁኔታ ጣቴ ላይ ካልከበደኝ ካሜራውን አልነካም፤ ወደ ቆይታው እመለሳለሁ።

ሂት ስቶፕ አንድ መስመር ኮድ ነው የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጊዜ መውሰድ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የማቅለሽለሹ ግማሽ የተደበቀው እዚያ ነው።

አንዷ መስመር ለሙከራ ትሆናለች። ሐሳባችሁ ይሠራ እንደሆነ ከሰዓት በኋላ ማየት ከፈለጋችሁ ጻፏት። ለሰው በምትሰጡት ጌም ላይ ግን ሦስት ነገር ታበላሻለች።

አንደኛ፣ ጌሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የኔ ስክሪፕት ከማቆሙ በፊት የነበረውን ፍጥነት ይመዘግባል፣ `Time.timeScale`ን ዜሮ ያደርጋል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ የመዘገበውን ይመልሳል። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እረኛው በአንድ ምት ሁለት ጅብ ሲመታ ግን ሁለተኛው ጥሪ የመዘገበው ዜሮን ነው። ሲጨርስም ዜሮን መለሰ። ሙዚቃው ይጫወታል፣ ጅቦቹም እረኛውም ደርቀዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ`WaitForSeconds` እያስጠበቅኩ ነበር። እሱ ጊዜ ሲቆም አብሮ ስለሚቆም ከመጀመሪያው ምት አልተነሳም። `WaitForSecondsRealtime` ያንን ይፈታል፤ ግን ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት የፖዝ ሜኑ ከከፈተ ከሜኑው ጀርባ ጌሙን ያስነሳዋል።

ሁለተኛ፣ ቆይታው ይደራረባል። እረኛው ዱላውን አዙሮ አራት ጅብ ቢመታና ለእያንዳንዱ ሰባት ፍሬም ብትደምሩ 28 ፍሬም ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ነው። በጽሑፉ ምክር በአሥር ፍሬም ብንሄድ ደግሞ አንድ ጅብ ብቻ ቢኖርም ችግር አለ። በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚመታ እረኛ ሠላሳ ፍሬም ይጨመርበታል። የአንድ ሰከንድ ጨዋታ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጃል፤ ሲሶው መቆም ነው። ተጫዋቹ ይህን ክብደት ብሎ አያነበውም። ስልኬ አቃተው ነው የሚለው። ቆይታውን በፍሬም ከቆጠራችሁ ደግሞ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ በሚያወጣ ርካሽ ስልክ ላይ ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆናል። እዚህ የማወራው በፍሬም ቢሆንም ኮዱ ውስጥ የምጽፈው በሰከንድ ነው።

ሦስተኛውና ሆድ የሚያገላብጠው፣ ካሜራውም አብሮ መቆሙ ነው። ተጫዋቹ ጣቱን እየጎተተ ካሜራውን እያዞረ ነው። ዱላው ያርፋል። ዓለሙ ሁሉ ይቆማል፤ ካሜራውም። ጣቱ ግን መሄዱን አላቆመም። ጊዜው ሲለቀቅ ካሜራው ያመለጠውን ለመድረስ ዘሎ ይሄዳል። ይህ በየምቱ ይደጋገማል። አንድ ጊዜ ቢሆን ማንም አያስተውለውም፤ አሥር ደቂቃ ሲሆን ግን በተበላሸ መንገድ የሚነዳ ሚኒባስ ነው። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ።

ስማሽ ላይ ሁለት ሰዎች ሲመታቱ የቀሩት ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚቆሙት የተነካኩት ብቻ ናቸው። እኔም ወደዚያው ሄድኩ። ጊዜን ማቆም ትቼ እያንዳንዱ ተፋላሚ የራሱን ቆይታ እንዲይዝ አደረግሁ።

```csharp
float stopLeft;

public void HitStop(float seconds) {
    stopLeft = Mathf.Max(stopLeft, seconds);
}

void Update() {
    stopLeft -= Time.deltaTime;
    anim.speed = stopLeft > 0f ? 0f : 1f;
}
```

ሁሉም ነገር ያለው `Mathf.Max` ላይ ነው። አራት ጅብ ሲመታ ቆይታው አይደመርም፤ ከሁሉም የሚረዝመው ይያዛል። የፖዝ ሜኑው `Time.timeScale`ን ዜሮ ሲያደርግ `Time.deltaTime`ም ዜሮ ስለሚሆን ቆይታውም አብሮ ይጠብቃል። ካሜራው ነጻ ነው፤ ጣትን ይከተላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ። `anim.speed` የሚያቆመው አኒሜሽኑን ብቻ ነው። እረኛውን ወይም ጅቡን የሚገፋ ሌላ ኮድ ካለ እሱም `stopLeft`ን ማየት አለበት፤ ካላየ ጅቡ የደረቀ እግሩን እየጎተተ ይንሸራተታል።

ተጫዋቹ በቆይታው ጊዜ የነካውንም ቁልፍ አትጣሉበት። መዝግባችሁ ቆይታው ሲያልቅ አስፈጽሙት። አለበለዚያ «ተጫንኩ፤ እምቢ አለኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ከዚህ በኋላ የኔ ቁጥሮች ይህን መሰሉ። ቀላል ምት ሦስት ፍሬም፣ ማለትም 0.05 ሰከንድ። ከባድ ምት ሰባት፣ 0.12 ሰከንድ ገደማ። ጅቡን የሚጥለው የመጨረሻ ምት ዘጠኝ፣ 0.15 ሰከንድ። ለናንተ ጌም ሌላ ሊሆን ይችላል። የማይለወጠው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። በሦስትና በአራት ፍሬም መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ተጫዋች አያውቀውም፤ በሦስትና በሰባት መካከል ያለውን ሁሉም ያውቀዋል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «ይለምደዋል» የሚለው፣ ትንሽ አናዶኛል። ግን የያዘውን እውነት ልቀበል። አንዳንድ ሰው በእርግጥ ይለምዳል። በጣም አጭርና ፈጣን መንቀጥቀጥ ብቻውን ብዙ ሰው አያቅለሸልሽም፤ ዓይን ያደክማል፣ የሚመታው ጅብ የት እንዳለ ያጠፋል እንጂ።

የሚያቅለሸልሸው ሌላ ነው። ዓይን «ጭንቅላትህ ተንቀሳቀሰ» ይላል፣ የውስጥ ጆሮ «አልተነቃነቅኩም» ይላል። ግጭቱ ሲረዝምና ሲደጋገም ሆድ ይረበሻል። በመርከብና በተሽከርካሪ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሁሉም የባሰው ቀርፋፋው ውዝዋዜ መሆኑን አሳይተዋል፤ በአምስት ሰከንድ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚለው ዓይነት። በስክሪን የሚመጣው ከዚህ ጋር አንድ ባይሆንም እኔ ያየሁት ወደዚያው ይጠቁማል። ከመንቀጥቀጡ ይልቅ መንቀጥቀጡ ካለቀ በኋላ እንደ ዥዋዥዌ እያወዛወዘ የሚመለሰው ካሜራ ነው ሰው የጣለብኝ። ወደ ግራና ቀኝ ማጋደልም እንዲሁ፤ አድማሱ ሲያጋድል ሰው ወንበሩን ይይዛል።

ከሁሉም የከፋው ግን ካሜራው የማያርፍ ከሆነ ነው። የመጀመሪያው የካሜራ መንቀጥቀጤ 0.4 ሰከንድ ይቆይ ነበር። አጭር ነው ብዬ ነበር። እረኛዬ ግን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ይመታል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያልቅ ሌላው ይነሣል። ውጊያው አንድ ደቂቃ ከቆየ ካሜራው አንድ ደቂቃ ሙሉ አላረፈም። አንድ ምት ብቻዋን መትቼ ስሞክረው ግን በጣም ያምር ነበር! ለዚህ ነው አንድ ምት እየደጋገማችሁ አትፈትኑት የምለው።

ራሳችሁንም ፈታኝ አታድርጉ። በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ፌስታል የሚጠይቀው ተሳፋሪው ነው፤ ሾፌሩ አይደለም። ሾፌሩ መሪው በእጁ ስለሆነ ማጠፊያው ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል። ጌሙን የሠራው ሰው ሾፌር ነው። ምቱ መቼ እንደሚያርፍ፣ ካሜራው ወዴት እንደሚሄድ አካሉ አስቀድሞ ያውቃል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልተሰማኝም። ታናሽ እህቴ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀምጣ «ውሃ ልጠጣ» ብላ ሄደች። አልተመለሰችም። «አቅለሸለሸኝ» አላለችም። ብዙ ሰው አይልም፤ ጌሙን ያጠፋውና ያልፋል። ጸሐፊው ተጫዋቾቹ የለመዱ የመሰለው ያማረሩት ስለቀሩ ከሆነ፣ የቀሩት ወዴት እንደሄዱ ይጠይቅ።

አሁን የምፈትነው እንዲህ ነው። አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ጎኑ ተቀምጦ ስክሪኑን ያያል፤ ሃያ ደቂቃ። የማየው ተመልካቹን ነው። ማዛጋት ይጀምራል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ግንባሩ ላብ ይላል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ እያነሣ ወደ መስኮት ያያል። እነዚህ የማቅለሽለሽ መጀመሪያዎች ናቸው፤ ሰውየው ራሱ ሳያውቃቸው ይመጣሉ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አሪፍ ነው» ይላችኋል።

ማጥፊያ ይኑር የሚለውን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2 የካሜራውን መንቀጥቀጥ በስላይደር እንዲቀነስ አድርጎታል። እኔም ከማጥፊያ ይልቅ ስላይደር እመርጣለሁ፤ ግማሹን ብቻ የሚፈልግ ሰው አለ። ግን የጽሑፉ ሁለት ምክሮች እዚህ ጋ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ክብደቱ ሁሉ ከካሜራ የሚመጣ ከሆነ፣ ካሜራውን ያጠፋው ሰው የሚጫወተው ጢስ የሚደበድብ እረኛ ነው። ለዚያ ሰው የቀረው ምንድን ነው?

ለካሜራው የተረፈው ሥራ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጽሑፉ በየፍሬሙ አዲስ የራንደም ቦታ ስጡት ይላል። እንዲህ ሲሆን በ120 ፍሬም ስልክ ላይ ከ60ው ሁለት እጥፍ ይፈጥናል፤ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ምት ይኖረዋል። ቦታውን ማንቀሳቀስም በ3ዲ ጌም አደጋ አለው። ካሜራው ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ጌም ፕሮግራመሩ ስኵረል አይዘርሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ጂዲሲ በሚባለው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ያሳየው መንገድ ሁለቱንም ይፈታል። ለ3ዲ ካሜራውን አታንቀሳቅሱት፣ አዙሩት። ራንደሙን ሳይዘል በለስላሳው በሚለዋወጥ ራንደም፣ በፐርሊን ኖይዝ፣ ተኩት፤ በፍሬም ሳይሆን በጊዜ ስለሚሄድ በሁሉም ስልክ አንድ ነው። የመንቀጥቀጡን መጠን ደግሞ ትራውማ የሚባል ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር ይያዘው፤ ሲጠቀሙበት በራሱ ይባዛ።

```csharp
trauma = Mathf.Max(0f, trauma - 4f * Time.deltaTime);
float s = trauma * trauma * userShake;
float t = Time.time * 12f;
float x = (Mathf.PerlinNoise(t, 0.5f) * 2f - 1f) * 0.8f * s;
float y = (Mathf.PerlinNoise(t, 7.5f) * 2f - 1f) * 0.8f * s;
cam.localRotation = Quaternion.Euler(x, y, 0f);
```

`userShake` የተጫዋቹ ስላይደር ነው። ትራውማው በሩብ ሰከንድ ከ1 ወደ 0 ይወርዳል፤ በሁለት ምት መካከል ካሜራው ያርፋል ማለት ነው። በራሱ መባዛቱ ትንሹን በጣም ትንሽ ያደርገዋል። 0.3 ወደ 0.09 ይወርዳል፣ 0.9 ግን 0.81 ላይ ይቀራል። ከፍተኛው መዞር 0.8 ዲግሪ ነው። አግድም 60 ዲግሪ በሚያይ ካሜራ ላይ ይህ የስክሪኑ ስፋት ከሰባ አምስት እጅ አንዱ ገደማ ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ሦስተኛው ቁጥር ዜሮ ነው። ማጋደል የለም። አይዘርሎ እሱንም ይጠቀማል፤ እኔ ለስልክ አልፈለግሁትም።

ካሜራው የሚንቀጠቀጠው ብቻውን ሳይሆን እረኛውን በሚከተል ሌላ ነገር ሥር እንደ ልጅ ተቀምጦ ነው። እንዲህ ሲሆን የተጫዋቹ ጣት የሚያዞረው ወላጁን ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። የጤናው መስመርና ቁልፎቹም አብረው አይንቀጠቀጡም። ዓይን የሚይዘው የቆመ ነገር ስክሪኑ ላይ ሲኖር ይረጋጋል።

ቀላል ምት ካሜራውን ምንም አይነካውም። ከባድ ምት ትራውማውን ወደ 0.5 ያደርሳል። ጅብ የሚጥለው 0.8። አይደመርም፤ እዚህም `Mathf.Max` ነው። ከመሪው ጅብ ጋር በሚደረገው የመጨረሻ ውጊያ ብቻ 1 ይደርሳል፤ እሱ ሲወድቅ መሬቱም ስለሚናወጥ።

እህቴን ባለፈው ሳምንት እንደገና አስቀመጥኳት። ስላይደሩን ሳታውቅ ዜሮ አድርጌ ነበር የሰጠኋት። ሃያ አምስት ደቂቃ ተጫወተች። አንዴ ከባድ ምት ስታሳርፍ «ውይ፣ አሳዘነኝ» አለች፤ ለጅቡ።